ዑየይና ያባረረችውን ሰውዬ ዲርዒያ ለምን ተቀበለችው? (የ1744ቱ ስምምነት)

ሀያት_ቀ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የመሀል ዐረቢያን፣ የነጅድን ታሪክ እያነበብኩ አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዛፍና ቀብር መሳለም በአላህ ማጋራት ነው ብለው ያስተማሩት ሸይኽ ሙሐመድ ኢብን ዐብዱልወሃብ መጀመሪያ የተጠጉት ዛሬ ሳዑዲን የሚገዛውን የሱዑድን ቤተሰብ አይደለም። በትውልድ ከተማቸው በዑየይና አሚሩ ዑስማን ኢብን ሙዐመር ተቀብሏቸው ነበር። አክስቱን ጀውሃራን ዳሯቸው። ሰው የሚሳለምባቸው ዛፎች ሲቆረጡ አብሯቸው ነበር። ጁበይላ ላይ የሰሓባው የዘይድ ኢብኑል ኸጧብ ቀብር ጉልላት ሲፈርስም ወታደሮቹን ይዞ አጅቧቸዋል። ከዚያ በድንገት "ከተማዬን ልቀቁ" አላቸው። እሳቸውም ወደ ዲርዒያ ሄዱ፤ ሙሐመድ ኢብን ሱዑድ ተቀበላቸው። በ1744 ሁለቱ ቃል ኪዳን ተጋቡ፤ የሱዑድ ቤተሰብ መንግሥት የሰፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለቱ ከተሞች በአንድ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። ርቀታቸው የአንድ ቀን የእግር መንገድ ቢሆን ነው። ሰዎቹ ያው የነጅድ ሰዎች፣ መዝሀባቸውም ያው ሐንበሊ። ታዲያ አንዱ አሚር የፈራውን ሌላው እንዴት ደፈረው? የእምነት ጥንካሬ ብቻ ነው የሚለው መልስ አላረካኝም።

---

ደረጀ_መ

መልሱ ቀላል ነው እህቴ። ከጀርባ እንግሊዝ ነበረች። ኦቶማኖችን ከውስጥ ለመበተን አንድ ሰላይ ባስራ ላይ ሸይኹን አግኝቶ እንዳሰለጠናቸው በሰፊው ተጽፏል። ኢብን ሱዑድ ገንዘብና ጠመንጃ ቃል ተገብቶለት ነው የተቀበላቸው። የዑየይናው ሰውዬ ይህ ስላልደረሰው ፈራ። የሱዑድ ቤተሰብ ከእንግሊዝ ጋር ውል እንደነበረው ማንም የማይክደው ነው።

---

አቡ_ሰልማ

ወንድም ደረጀ፣ ውል ያልከው እውነት ነው፤ ግን ዘመኑን አምታተሃል። እንግሊዝ ከኢብን ሱዑድ ጋር የተፈራረመችው በ1915 ነው። ያኛው ሌላ ሰው ነው፤ የአሁኑን መንግሥት የመሠረቱት ዐብዱልዐዚዝ ናቸው። ከዲርዒያው ስምምነት 170 ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው።

የሰላዩ ታሪክ ደግሞ ፈጠራ ነው። የሰላዩ የግል ማስታወሻ ተብሎ የሚዞረው ጽሑፍ ራሱ የተሠራው ከዘመኑ ብዙ ቆይቶ ነው። በ1740ዎቹ እንግሊዞች ባስራና ሕንድ ላይ ይነግዱ ነበር እንጂ መሀል ነጅድ ያለች የጭቃ ቤት መንደር ጉዳያቸው አልነበረችም። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰው ዲርዒያን ሄዶ ያየው በ1799 ነው። ያኔ ሸይኹ ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ኦቶማኖቹም ቢሆኑ ያኔ ነጅድ ውስጥ የሚነቀል ሥልጣን አልነበራቸውም። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ አሚር ነበረው።

እህት ሀያት፣ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ከእንግሊዝ ሳይሆን ከነጅድ በስተምሥራቅ ካለችው ከአል-አህሳ ፈልጊው። አል-አህሳ የተምር አገር ናት፤ ውሃ አላት፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ወደቦች መውጫ ናት። የነጅድ ነጋዴ ሩዙንም ጨርቁንም የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው። እዚያ የሚገዙት የበኒ ኻሊድ ጎሳ አለቆች ነበሩ። ዑስማን ኢብን ሙዐመር ደግሞ ከአል-አህሳ በየዓመቱ የሚገባለት ገቢ ነበረው። የታሪክ ጸሐፊው ኢብን ቢሽር 1,200 ወርቅ ያደርሰዋል።

ነገሩ የፈላው በሴትዮዋ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት ዝሙት ፈጽሜያለሁ ብላ ወደ ሸይኹ መጣች። ደጋግመው ጠየቋት፣ አእምሮዋ ደህና መሆኑን አጣሩ፤ እሷም አልካድ አለች። በድንጋይ ተወገረች። የመጀመሪያውን ድንጋይ ከወረወሩት ውስጥ አሚሩ ዑስማን ራሱ ነበር። ወሬው በረሃውን አቋርጦ አል-አህሳ ደረሰ። የበኒ ኻሊዱ አለቃ ሱለይማን ለዑስማን ላከበት። መልእክቱ አጭር ነበር፦ ወይ ሰውዬውን አስወግድ፣ ወይ ከእኛ ዘንድ ያለህን ገቢ እርሳው።

ዑስማን ያንን አስልቶ ነው ሸይኹን የሸኛቸው። ሙሐመድ ኢብን ሱዑድ ግን አል-አህሳ ውስጥ የሚቀርበት ይህን የሚያህል ገቢ አልነበረውም። እንዲያውም የበኒ ኻሊድ ጦር በ1721 መጥቶ ዲርዒያን ወግቷት ነበር። ቂም እንጂ ጥቅም አልነበረውም።

---

ወሎየው

እኔ የተነሳውን ጉዳይ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ቤታችን ውስጥ የኖርኩት ስለሆነ። አያቴ በየዓመቱ ለዚያራ ይወጡ ነበር። ሸይኾቹ ቀብር ዘንድ ዱዓ አድርገው፣ ቡና አፍልተው፣ መንዙማ ሰምተው ይመለሳሉ። ታላቅ ወንድሜ ሳዑዲ ቆይቶ ሲመጣ "ይህ ሽርክ ነው" አላቸው። አያቴ አለቀሱ። ሁለቱ ሳይታረቁ ነው አያቴ ያለፉት።

ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ የዛሬው ነው። መሻይኾቻችን ያስተማሩን ዲን ስህተት ነበር ወይ? ዚያራ የሚወጣ ሰው ከእስልምና ወጥቷል የሚለው ከየት መጣ? ይህን ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

---

ሀያት_ቀ

ወሎየው፣ አላህ አያትህን ይማራቸው፣ በጣም አዝናለሁ። እኔ ግን የጠየቅሁት ስለ ሁለቱ አሚሮች ነበር። የዛሬውን የሀገራችንን ጉዳይ እዚህ ከከፈትነው መመለሻ የለንም። በሌላ ክር ብናነሳው ይሻላል።

---

አቡ_ሰልማ

ትክክል ነሽ። ግን ወሎየው ካነሳው ውስጥ አንዱ ለዚህ ክር ይጠቅማል። ያ ክርክር ያኔም በአንድ ቤት ውስጥ ነው የተነሳው። የሸይኹ ወንድም ሱለይማን ሑረይሚላ በምትባል የነጅድ ከተማ ቃዲ ነበሩ። እሳቸውም የሐንበሊ ዓሊም ናቸው። ወንድማቸውን የሚተች ጽሑፍ ጻፉ። ቀብር መሳለም ልክ ነው ብለው አይደለም የተከራከሩት። ያሉት፦ ይህ ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ግን አድራጊውን ከዲን አስወጥተህ ደሙን ሐላል ማድረግ የቀደሙት ዑለማዎች ያላሉት ነው። ጠቡ ማስተማሩ ላይ ሳይሆን ሰይፉ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1752 ሑረይሚላ ከዲርዒያ ከዳች። በ1755 በኃይል ስትያዝ ሱለይማን ሸሽተው ወደ ሱደይር ወጡ። አያትህና ወንድምህ ያልተግባቡበት ነገር ከዚያ ቤት ጀምሮ የመጣ ነው ወንድሜ።

---

ወሎየው

ይህን አላውቅም ነበር። ወንድማቸው መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አላህ ይስጥልኝ።

---

ዳኛቸው_ለ

ከሕግ ሙያ ስለሆንኩ ውል የሚባል ነገር ሲነሳ ዝም ብዬ አላልፍም። አቡ ሰልማ፣ ይህ "ስምምነት" የምትሉት በጽሑፍ አለ? ምስክር አለው? ግዴታው ምን ነበር? ሁሉም ሰው "ቃል ኪዳን ተጋቡ" ይላል፤ ዝርዝሩን የሚናገር ግን አላየሁም።

---

አቡ_ሰልማ

በጽሑፍ የተፈረመ ወረቀት የለም ጌታዬ። የቃል ቃል ኪዳን ነው፤ እጅ ተጨባብጠው። ዝርዝሩን የምናገኘው በዋናነት ከኢብን ቢሽር ነው፤ እሱም የጻፈው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። እሱ የሚለውን ላውጋችሁ።

ሸይኹ ከዑየይና የወጡት በጠራራ ፀሐይ በእግራቸው ነው። እጃቸው ላይ ማራገቢያ ብቻ ነበር ይላል። ዲርዒያ ሲደርሱ ያረፉት ከኢብን ሱወይሊም ቤት ነው። ባለቤቱ በጣም ፈራ፤ አሚሩ ምን ይለኛል ብሎ። ሰዎች በድብቅ እየመጡ ይሰሟቸው ጀመር። የአሚሩ ወንድሞች ሱነያንና ሚሻሪ ከሰሚዎቹ መካከል ነበሩ። ወንድማቸውን በቀጥታ ከመናገር ይልቅ መጀመሪያ ሚስቱን ሙዲን ነገሯት። አስተዋይ ሴት ነበረች። ማታ ባሏ ሲገባ "ይህን ሰው አላህ ነው ወደ አንተ የነዳው፤ ሲሳይ ነውና እንዳያመልጥህ" አለችው። ሊያስጠራቸው ሲል ደግሞ ወንድሞቹ "አንተ ራስህ በእግርህ ሂድ፤ ሰው ሲያይህ ያከብራቸዋል" አሉት። ሄደ።

እዚያ ቤት ውስጥ አሚሩ ጥበቃውን ቃል ገባ። ቀጥሎ ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ እኛ ረድተንህ አላህ ካሸነፈልን በኋላ ጥለኸን ወደ ሌላ አገር እንዳትሄድ። ሁለተኛ፣ እኔ በመኸር ጊዜ ከዲርዒያ ሰዎች የምወስደው ግብር አለኝ፤ እሱን እንዳትከለክለኝ።

የመጀመሪያውን ሸይኹ ወዲያው ተቀበሉ፦ "እጅህን ስጠኝ፤ ደማችሁ ደሜ፣ ጥፋታችሁ ጥፋቴ" አሉት። ሁለተኛውን ግን እሺም እምቢም አላሉም። ምናልባት አላህ ድል ይሰጥህና ከዚህ ግብር የሚበልጥ ምርኮ ይተካልሃል አሉት።

እኔ እንደሚገባኝ የሀያት ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ ነው። ሸይኹ ያ ግብር በሸሪዓ መሠረት የለውም ብለው ያምናሉ፤ ግን አሚሩ ገቢ ይፈልጋል። መፍትሔው ከራስ ሰው ከመውሰድ ወደ ውጭ መዝመት ሆነ። ዘካና ምርኮ የግብሩን ቦታ ያዙ። ዑስማን ገቢው በሌላ ሰው እጅ ነበር፤ ስለዚህ እጁ ታሰረ። ኢብን ሱዑድ ገቢው ትንሽ ነበረች፤ ስለዚህ የሚያሰፋት ነገር ሲመጣለት ተቀበለ።

---

ዳኛቸው_ለ

አመሰግናለሁ፤ በጣም ግልጽ ነው። ግን አንድ ነገር ልከራከር። "ደማችሁ ደሜ" የሚለው ነቢዩ ሙሐመድ ለመዲና ሰዎች ዐቀባ ላይ ያሉት ነው ይባላል፤ ከሙስሊም ጓደኞቼ ሰምቻለሁ። "ካሸነፍክ በኋላ ትተወናለህ ወይ?" የሚለው ጥያቄም እዚያው የተጠየቀ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጽፍ ደጋፊ ታሪኩን በነቢዩ ታሪክ መልክ ቀርጾት ቢሆንስ? በፍርድ ቤት ይህን ምስክርነት በጥንቃቄ ነው የምንቀበለው።

---

አቡ_ሰልማ

ሰው ይህን ሲያነሳ ደስ ይለኛል። ልክ ነዎት፣ ተቀርጿል ብዬ አምናለሁ። በሸይኹ ዘመን የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ገናም ከዚህ በጣም ባጠረ መልኩ ነው የሚያልፈው። ዓመቱ ራሱ አንዳንዱ 1744፣ ሌላው 1745 ይላል፤ በሂጅራ 1157 ወይስ 1158 በሚለው ስለማይስማሙ።

ግን የግብሩን ነገር እስቲ እንየው። ዐቀባ ላይ ስለ ግብር የጠየቀ የለም። ለአሚሩም ክብር የሚጨምር አይደለም። ደጋፊ የሆነ ጸሐፊ ጀግናውን ገንዘብ ሲደራደር ለማሳየት ምን ያነሳሳዋል? ስለዚህ ከታሪኩ ሁሉ እኔ አምኜ የምይዘው ይችን ነው። ሌላውን ግን እንደ ትረካ ነው የማየው።

---

ደረጀ_መ

የእንግሊዙን ነገር እንደገና አየሁት፤ 1915 ያልከው ልክ ነው። ግን አሁንም አንድ ነገር አለኝ። ገንዘብ ከሆነ ጉዳዩ፣ እምነቱ ሽፋን ነበር ማለት ነዋ! እንዲያ ከሆነ ያው እኔ ያልኩት ሆነ።

---

ሀያት_ቀ

ደረጀ፣ እንደዚያ አይመስለኝም። ሸይኹ ጁበይላ ላይ ጉልላቱን ሲያፈርሱ ዑስማን ከ600 ሰው ጋር አጅቧቸው ሄዶ "እኛ አንነካውም" ማለቱ ተጽፏል። ፈሩ ማለት ነው፤ መዓት ይወርድብናል ብለው። ሸይኹ ራሳቸው መጥረቢያውን ተቀብለው ጀመሩት። እዚያ ላይ ለሳቸው የተገኘ ገንዘብ የለም፤ ያተረፉት መሳደድን ነው። ለአንዱ እምነት፣ ለሌላው ጥቅም የሆነ ነገር አብሮ ሊሄድ ይችላል።

አቡ ሰልማ፣ ዑስማን በኋላ ምን ሆነ? ተጸጸተ ይባላል።

---

አቡ_ሰልማ

ተጸጽቷል። የዲርዒያ ነገር ሲጠነክር ሰዎቹን ይዞ መጣና ተመለሱልኝ አላቸው። ሸይኹም "አሁን ጉዳዩ በእኔ እጅ አይደለም፤ ኢብን ሱዑድ ከፈቀደ እመጣለሁ" አሉት። ኢብን ሱዑድ አልፈቀደም። እንዴት ይፈቅዳል!

ከዚያ ዑስማን የኅብረቱ አባል ሆኖ ጦር መርቷል። ሴት ልጁን ለኢብን ሱዑድ ልጅ ለዐብዱልዐዚዝ ዳረ። ሆኖም ከጠላት ጋር በድብቅ ይጻጻፋል ተብሎ ተጠረጠረ። በ1750 ዑየይና ውስጥ የጁምዓ ሶላት ካበቃ በኋላ እዚያው መስጂድ ውስጥ ገደሉት። ገዳዮቹ የራሱ ከተማ ሰዎች፣ የሸይኹ ተከታዮች ነበሩ። ሸይኹ አዘዋል ወይስ አላዘዙም በሚለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ከዑስማን ልጅና ከዐብዱልዐዚዝ የተወለደው ሱዑድ በኋላ የመንግሥቱ ትልቁ ገዥ ሆነ። መካ በ1803 የተያዘችው፣ መዲናም ቀጥላ የገባችው በእሱ መሪነት ነው። የተገደለው አሚር የልጅ ልጅ ማለት ነው።

---

ሩቅያ_ሪያድ

ሰላም፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ሪያድ ነው የምሠራው። ዲርዒያን በእረፍት ቀኔ ሄጄ አይቻታለሁ። ስለ ቦታው ልንገራችሁ፣ ሥዕሉ እንዲመጣላችሁ።

ዋዲ ሐኒፋ የሚባለው ሸለቆ መሀሉን ይቆርጠዋል። በአንድ በኩል ጡረይፍ አለ፤ የገዥዎቹ ሠፈር ነው፣ ሁሉም ከጭቃ ጡብ የተሠራ። ከ2010 ጀምሮ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎታል። ግድግዳዎቹ ላይ ሦስት ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ አለ፣ ለአየር። ብዙው ግድግዳ ግን እስከ ግማሽ ፈርሷል። ማዶ ደግሞ ቡጀይሪ ነው፤ ሸይኹ የኖሩትና ያስተማሩት እዚያ ነበር። ገዥው ወዲህ፣ ሸይኹ ወዲያ፣ መሀላቸው ሸለቆ። ዛሬ የሸይኹ ሠፈር በኩል ምግብ ቤቱና ካፌው ደርቷል።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። በፌብሩዋሪ 22 "የምሥረታ ቀን" እያሉ ያከብራሉ፤ ከ2022 ጀምሮ። የሚቆጥሩት ግን ከ1744 አይደለም፤ ከ1727 ነው። ሙሐመድ ኢብን ሱዑድ አሚር የሆነበት ዓመት ነው ይላሉ። ቀጣሪዎቼ ልጆቻቸውን የባህል ልብስ አልብሰው ሲያከብሩ አያለሁ፤ ስለ ስምምነቱ ግን ብዙም አይወራም።

---

አቡ_ሰልማ

ሩቅያ፣ ያየሽው በጣም ትልቅ ነገር ነው። የ1744ቱን ዓመት መነሻ ካደረግሽ መንግሥቱ የሁለት ሰዎች ነው፤ የአሚሩም የሸይኹም። የ1727ቱን ካደረግሽ ግን የአንድ ቤተሰብ ብቻ ይሆናል፤ ሸይኹ 17 ዓመት ቆይተው የመጡ እንግዳ ይሆናሉ። እኔ በትምህርት ቤት መጽሐፍ የማውቀው የመጀመሪያውን ነበር።

አንድ ማስተካከያ፦ ጡረይፍ ስምምነቱ ሲደረግ እንዳሁኑ የገነነ አልነበረም። አሁን የምታዪው ትልቁ ግንባታ የመጣው በኋላ፣ ግዛቱ ሲሰፋ ነው። ያፈረሰው ደግሞ ከግብፅ የመጣው የኢብራሂም ፓሻ ጦር ነው፤ በ1818 ከወራት ከበባ በኋላ።

---

ዳኛቸው_ለ

የ1727ቱን ከሕግ አንጻር ካየነው ስህተት ነው አልልም። ሥልጣን ነበረ፣ ከተማ ነበረ። ግን በ1727ና በ1744 መካከል ያለችው ዲርዒያ ከሌሎቹ የነጅድ ከተሞች በምን ትለያለች? ከሪያድ፣ ከዑየይና?

---

አቡ_ሰልማ

በምንም ማለት ይቻላል። እንዲያውም ዑየይና ትበልጣት ነበር። ከስምምነቱ በኋላም ቢሆን ነገሩ በአንድ ጀምበር አልሆነም። ሪያድ ከዲርዒያ ቅርብ ናት፤ አሚሯ ደሃም ኢብን ደዋስ ግን ከ1746 ጀምሮ እስከ 1773 ድረስ ተዋግቷቸዋል። ማለትም የጎረቤት ከተማ ለመያዝ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

መሀል ላይ ሊጠፉም ነበር። በ1764 ከደቡብ የነጅራን ሰዎች መጥተው አል-ሐኢር ላይ ክፉኛ መቷቸው፤ የሞተባቸው ሰው ወደ 500 ይጠጋል። በኒ ኻሊዶችም መድፍ ይዘው ዲርዒያን ሊከቡ እየመጡ ነበር። ሁለቱ ጠላቶች ቢገናኙ ኖሮ ያበቃ ነበር። ዲርዒያ ግን ከነጅራኑ መሪ ጋር ቶሎ ታረቀች፤ ምርኮኛ ተለዋውጠው እሱ ወደ አገሩ ተመለሰ። በኒ ኻሊዶች ሲደርሱ ብቻቸውን ሆኑ። ከበቡ፣ መድፍ ተኮሱ፣ አልሆነላቸውም፣ ተመለሱ። ሙሐመድ ኢብን ሱዑድ በዚያው ሰሞን፣ በ1765 ሞተ። የሪያድን መያዝ ሳያይ ማለት ነው።

---

ሀያት_ቀ

አሁን ገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ። ሪያድ በ1773 ከተያዘች በኋላ ሸይኹ የመንግሥት ሥራውንና ገንዘቡን ለዐብዱልዐዚዝ አስረክበው ወደ ማስተማሩና ወደ ዒባዳው ተመለሱ ይባላል። እስከዚያ ድረስ ዘካውም ምርኮውም በሳቸው እጅ ነበር የሚያልፈው። ሲሞቱ 1792 ነው፤ ወደ 20 ዓመት ያህል ቀርቷቸው ነበር። ሥራቸው ስላለቀ ነው የተውት? ወይስ ቤተሰቡ በርትቶ ስላላስፈለጉት ነው?

---

አቡ_ሰልማ

እኔ በፈቃዳቸው ነው የሚለውን አዘነብላለሁ። በ1788 የሱዑድ ኢብን ዐብዱልዐዚዝ አልጋ ወራሽነት ሲጸና ሕዝቡ ቃል እንዲገባለት ያዘዙት ሸይኹ ናቸው። የተገፋ ሰው እንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ አይጠራም። ልጆቻቸውም በዳኝነቱና በፈትዋው ቦታቸውን እንደያዙ ቀጥለዋል፤ ዛሬ ኣል አሽ-ሸይኽ የሚባለው ቤተሰብ እነሱ ናቸው።

---

ዳኛቸው_ለ

እኔ ደግሞ ተቃራኒውን አነባለሁ። አልጋ ወራሹ የገዥው ልጅ እንዲሆን የሃይማኖት አባቱ ራሱ ሲያጸድቅ፣ ከዚያ ወዲያ ሥልጣን በዘር እንጂ በትምህርት አይተላለፍም ማለት ነው። ይህ የተደረገው እሳቸው ገንዘቡን ከለቀቁ 15 ዓመት በኋላ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ሄደ፣ ማኅተሙ ግን እሳቸው ዘንድ ቀረ።

---

ሩቅያ_ሪያድ

ነገ ሥራ ስላለኝ ልተኛ ነው፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የሙዲ ነገር ሌላ ምንጭ ላይ አለ ወይስ ኢብን ቢሽር ላይ ብቻ? እዚህ ስሟን ሲያነሱ እሰማለሁ። የሚያውቅ ካለ ጻፉልኝ፤ ጠዋት አየዋለሁ።